የሕማማት ረቡዕ ልጅ

የአያቴ ታናሽ እህት በካናዳ መንግሥት ወረቀት ላይ የተወለዱት እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1934 ነው። ቤተሰቡ በሙሉ «እታለም» ነው የሚላቸው። የሚኖሩት ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ የዶን ሚልስና የሼፐርድ መንገዶች ከሚገናኙበት ብዙም ሳይርቅ ነው። ፎቃቸው ከፍ ያለ ስለሆነ በመስኮት ወደ ታች ሲያዩ የምድር ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያና ፌርቪው የሚባለው የገበያ ማዕከል ይታያሉ። ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው ከማርያም ሥዕል ጀርባ ያስቀምጣሉ። እንዳየው ጠይቄያቸው ሲያወጡት መነጽራቸውን እንኳ አላደረጉም።

«ይኼን የሞላው ልጅ ነው» አሉኝ። «ዓመተ ምሕረቱን ጠየቀኝ፣ ነገርኩት። ቀኑን አላውቅም ስለው የፈረንጅ አዲስ ዓመት አደረገው።»

ከአበሻ ሽማግሌዎች ጋር በቶሮንቶ የኖረ ሰው ይህን ያውቀዋል። አንድ ቤት ውስጥ ባል፣ ሚስትና አማት ሦስቱም ጃንዋሪ 1 ቀን ተወልደው ይገኛሉ። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀኑ ሳይሆን ዓመቱ ነበር። እታለም «ነገርኩት» ያሉት ዓመተ ምሕረት የእኛ ነው ወይስ የፈረንጆቹ? የእኛው 1934 ሳይለወጥ እንዳለ ተገልብጦ ከሆነ ወረቀቱ እሳቸውን 8 ዓመት አስረጅቷቸዋል። ተለውጦ የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የተወለዱት በእኛ 1926 ነው።

ጥያቄው ከአንድ ሰው ዕድሜ ያለፈ ነው። ስለ አያቴ አንድ ግላዊ ጽሑፍ ልጽፍ ተነሥቼ ነበር። አያቴ ከደምቢያ ወጥታ አዲስ አበባ የገባች የመጀመሪያዋ የቤተሰባችን ሰው ናት። ስንሰማው ያደግነው ታሪክ «ጣሊያን ሲመጣ ሸሽታ ነው» የሚል ነበር። እታለም ደግሞ ከእናታቸው የሰሙትን አንድ ነገር ያውቃሉ፤ አያቴ ከቤት ስትወጣ እሳቸው ድክ ድክ የሚሉ ሕፃን ነበሩ። እንግዲህ የተወለዱት በ1926 ከሆነ አያቴ የወጣችው በ1927 ወይም በ1928 ነው፤ የቤተሰቡ ታሪክ ይገጥማል። የተወለዱት በ1934 ከሆነ ግን አያቴ የወጣችው ጣሊያን ከወጣ በኋላ ነው። ያኔ «ሸሽታ ነው» የሚለው ቃል እውነት ቢሆን እንኳ የሸሸችው ሌላ ነገር መሆን አለበት።

ዘመድ ሊጠይቅ የሚሄድ ጸሐፊ ይዞ መሄድ ያለበት እንዲህ ያለውን ጥያቄ ነው። «ስለ ድሮ ያጫውቱኝ» ብሎ የሚቀመጥ ሰው የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ሽማግሌው ለልጅም ለጎረቤትም የለመዱትን ጨዋታ ነው። ደስ ይላል፤ ክፍተት ግን አይሞላም። እኔ መጀመሪያ የማውቀውን ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ጻፍኩ። ከዚያ በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ጎን «ማን ነገረኝ?» እና «እሱስ እንዴት ዐወቀ?» እያልኩ ምልክት አደረግሁ። መልስ ያላገኘው ዓረፍተ ነገር ጥያቄ ሆነ። እንዲህ ሲጣራ የቀሩት ጥቂት ናቸው፤ አያቴ መቼ ወጣች፣ ከማን ጋር ወጣች፣ ለምን ወጣች፣ አዲስ አበባ ማን ተቀበላት። ሁሉም ግን በመጀመሪያው ላይ የተንጠለጠሉ ነበሩ።

ዓመቱን በቀጥታ መጠየቅ ደግሞ አያዋጣም። እታለምን «መቼ ተወለዱ?» ብላቸው የሚነግሩኝ ለወረቀት ሞይው የነገሩትን ነው፤ ለብዙ ቢሮ ደጋግመው ስላሉት እሳቸውም አምነውታል። የደምቢያ ገበሬ ሚስት ልጇን የወለደችበትን ጊዜ የምትይዘው በቁጥር አልነበረም። የምትይዘው በበዓል፣ በጾም፣ በአዝመራና አገር በሙሉ በሚያውቀው ክፉ ወይም ደግ ዘመን ነው። ስለዚህ ጥያቄውን ወደ እናታቸው መለስኩት።

«እናትዎ ስለርስዎ መወለድ ሲያወሩ ምን ይሉ ነበር?»

ቡናው ገና አልተቆላም። ስልኬን በታጠፈ ጋቢ ላይ አስቀምጬ ድምፅ መቅዳት ጀምሬያለሁ። እታለም ዝም አሉ። ይህን ዝምታ መሙላት ትልቅ ፈተና ነው፤ ጠያቂው ሌላ ጥያቄ ካስገባ ሊመጣ የነበረው ይጠፋል። ቆይተው ፈገግ አሉ።

«"ሕማማቱን አስጨርሰሽ ብትመጪ ምናለ" ትለኝ ነበር። የሕማማቱ ረቡዕ ነው የወለደችኝ። ፋሲካን አራስ ቤት ሆና ነው የፈሰከችው። ሲበሉ በመጋረጃው ትሰማ ነበር።»

«ክርስትናስ መቼ ተነሡ?»

«በሰኔ ሚካኤል። የሚካኤል ድግስ ስለነበር የኔም በዚያው ተሠራ። የክርስትና ስሜ ግን በጊዮርጊስ ነው።»

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም ብሎ የተሰጠንን ያስተውል። በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ሰኔ ሚካኤል ሰኔ 12 ነው። የተወለዱበትን ቀን አንድ ብለን ከሰኔ 12 ወደ ኋላ 80 ቀን ስንቆጥር በግንቦትና በሚያዝያ አልፈን የምንደርሰው መጋቢት 23 ላይ ነው። በየወሩ 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው። የክርስትና ስማቸው በጊዮርጊስ መሆኑ ከዚህ ጋር ገጠመ። ቀኑ ተገኘ፤ የቀረው ዓመቱ ነው።

ዓመቱን የሚሰጠን የሕማማቱ ረቡዕ ነው። ፋሲካ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር መጋቢት 23 በሕማማት ረቡዕ የሚውለው በጣት በሚቆጠሩ ዓመታት ብቻ ነው። ይህን ለማወቅ ባሕረ ሐሳብ ያስፈልጋል። እዚህ ከተማ ካሉት መሪጌቶች አንዱ ጋ ሄጄ ሁለቱንም ዓመታት ፊቴ ቆጠሩልኝ፤ እኔም ቤቴ ገብቼ ደግሜ ቆጠርኩት። ማንም ሊያደርገው ስለሚችል የ1934ቱን እንዳለ ላሳይ።

5500ን በ1934 ላይ ስንደምር 7434 ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 5 ይተርፋል። ከተረፈው 1 ሲቀነስ ወንበሩ 4 ነው። ወንበሩ በ11 ሲባዛ 44፤ ከዚያ ላይ 30 ሲነሣ አበቅቴው 14። አበቅቴው ከ30 ሲቀነስ መጥቅዑ 16። መጥቅዑ ከ14 ስለበለጠ የሚውለው በመስከረም ነው። የ1934 መስከረም 16 ዓርብ ዋለ፤ የዓርብ ተውሳክ 2 ነው። 16 እና 2 ሲደመሩ መባጃ ሐመሩ 18 ይሆናል። ስለዚህ ጾመ ነነዌ ጥር 18 ገባ፤ ከዚያ 69 ቀን ቆጥረን ፋሲካን መጋቢት 27 ላይ እናገኘዋለን። ፋሲካ እሑድ መጋቢት 27 ከሆነ የሕማማቱ ረቡዕ መጋቢት 23 ነው።

በዚሁ መንገድ 1926 ሲቆጠር ፋሲካ መጋቢት 30 ይውላል። ያኔ መጋቢት 23 እሑድ ነው፤ ሆሣዕና። ሆሣዕና ቀን የወለደች እናት ደግሞ ልጇን ስለ ዘንባባ እንጂ ስለ ሕማማት አታወራላትም ነበር።

ይህ ብቻውን በቂ አይደለም። የ80 ቀኑ ሥርዓት በሕመም፣ በጦርነት ወይም ካህን በመጥፋቱ ሊዘገይ ይችላል። «የሕማማቱ ረቡዕ» የሚለውም ከብዙ ዓመት ወሬ በኋላ ተሻሽሎ ሊሆን ይችላል። ከእነዚህ ሁለቱ ጋር የማይነካካ ሌላ ምስክር ፈለግሁ። ስለዚህ በሌላ ቀን፣ ስለ ልደት ምንም ሳላነሣ፣ ስለ ጣሊያን ጠየቅኋቸው።

«ጣሊያን ከጎንደር ሲወጣ ምን ያስታውሳሉ?»

«እኔ ምን አስታውሳለሁ፣ በሆዷ ነበርኩ! የኅዳር ሚካኤል ለት መድፉ ከቁልቋል በር ሲያጓራ ያን ቀን ነው መጀመሪያ የተላወስሽው ትለኝ ነበር። "አንቺም ደነገጥሽ" ትለኛለች።»

ቁልቋል በር ከጎንደር በስተደቡብ፣ ወደ ጣና በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ በር ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን ሲከላከሉ ከያዟቸው ምሽጎች አንዱ ሲሆን የወደቀው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 21 ቀን 1941 ነው። በእኛ ሲሆን ኅዳር 12 ቀን 1934፤ የኅዳር ሚካኤል ዕለት። ጎንደር ራሷ የተለቀቀችው ኅዳር 18 ነው። ከኅዳር 12 እስከ መጋቢት 23 አራት ወር ከጥቂት ቀን አለ። ያን ጊዜ እናትየዋ አምስተኛ ወሯን የያዘች ነፍሰ ጡር ናት ማለት ነው፤ ፅንስ ሲላወስ መጀመሪያ የሚታወቀውም በዚያው ግድም ነው። እታለም ይህን ሲያወሩ የቁልቋል በርን ቀን አያውቁም፤ ፅንስ መቼ እንደሚላወስም አላሰቡም። ሳይታሰብበት የገጠመ ምስክር ስለሆነ ነው የማምነው።

እንግዲህ የአያቴ ታናሽ እህት የተወለዱት መጋቢት 23 ቀን 1934 ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል 1 ቀን 1942። በወረቀት ዘጠናን አልፈዋል፤ በእናታቸው ወሬ ግን ገና በሰማንያዎቹ ውስጥ ናቸው። ይህን ስነግራቸው ሳቁና «ታዲያ ጉልበቴን ማን አሳመመው?» አሉ። ቀጥለው ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፤ «ይኼ ችግር ያመጣብኝ ይሆን?»

ይህ ጥያቄ በቀልድ የሚታለፍ አይደለም። የልደት ቀን ከጡረታ፣ ከዜግነትና ከልጆች ፋይል ጋር የተሳሰረ ነው። ጸሐፊው በአንድ አንቀጽ የሚያስተካክለው ቁጥር ለባለቤቱ የሕግ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። በእታለም በኩል ነገሩ ቀላል ነበር። ካናዳ የገቡት እ.ኤ.አ. በ1998 ልጃቸው ጠይቃቸው ነው። የአረጋውያን ጡረታ ደግሞ ቢያንስ 10 ዓመት እዚህ መኖርን ይጠይቃል። ስለዚህ የጀመሩት በ2008 ሲሆን ያኔ በትክክለኛው ልደታቸውም 66 ሞልቷቸዋል። ስሜን አትጥሪ ብለው ፈቀዱልኝ። ሁኔታው እንዲህ ግልጽ ካልሆነ ግን ጽሑፉ ከመውጣቱ በፊት ሕግ የሚያውቅ ሰው ይጠየቅ፤ ዘመድን ከማስጨነቅ አንቀጹን መተው ይሻላል። የራሳቸውን የድሮ ማመልከቻ ማየት የሚፈልጉ ደግሞ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ በግል መረጃ ሕግ መሠረት ያለ ክፍያ መጠየቅ ይችላሉ። ፋይሉ ከተገኘ የመጀመሪያው ቅጽ ላይ በእጅ የተጻፈው ዓመት ስህተቱ የት እንደገባ ያሳያል።

በዚህ መንገድ የተጓዙ የእኛ ጸሐፊዎች አሉ። አይዳ እደማርያም አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ ካናዳዊት ናቸው። አዲስ አበባ አደገች፤ ከተማረችባቸው ቦታዎች አንዱ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ነው። «ዘ ዋይፍስ ቴል» የተባለው መጽሐፏ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሞ በማግሥቱ ዓመት የኦንዳቼን ሽልማት አገኘ። መጽሐፉ የጎንደሯ አያቷ የእመት የተመኙ ሕይወት ነው። አሥር ዓመት ሳይሞላቸው ለቄስና ባለቅኔ ተዳሩ፤ የጣሊያንን ወረራ፣ የጎንደርን መደብደብ፣ የንጉሡን ውድቀትና አብዮቱን አይተው ወደ መቶ ዓመት ተጠግተው ዐረፉ። አይዳ መጽሐፉን ያዋቀረችው በኢትዮጵያ ወሮች ነው። ለእኔ ይህ የጌጥ ጉዳይ አይደለም። አያትየዋ ሕይወታቸውን ያከማቹበት መደርደሪያ ወሩና በዓሉ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ታሪኩን ከዚያ መደርደሪያ ሳታወርድ ጻፈችው። የሕማማቱን ረቡዕ ያገኘሁትም ከዚያው ዓይነት መደርደሪያ ነው።

የመዓዛ መንግሥቴ ነገር ደግሞ ይለያል። «ዘ ሻዶው ኪንግ» የተባለውን፣ በጣሊያን ጊዜ ስለዘመቱ ሴቶች የሚተርከውን ልቦለዷን ለዓመታት ስትሠራ የቆየችው ስለ ቅድመ አያቷ ሳታውቅ ነበር። ቅድመ አያቷ ጌጤ ታላቅ ልጅ ነበሩ። አባታቸው ለዘመቻ ጠመንጃቸውን ለባላቸው ሊሰጡ ሲሉ አባታቸውን ከስሰው፣ ረትተው፣ ጠመንጃውን ወስደው ዘመቱ። ይህን የነገረቻት እናቷ ናት፤ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ስትላት መልሱ «መቼ ጠየቅሽኝ» የሚል ነበር። መዓዛ የቤቷን ወንዶች ጀግንነት እየሰማች ነው ያደገችው። ሴቶቹ ዘመቱ ወይ ብሎ የጠየቀ ስላልነበረ የሚናገር አልተገኘም። የቤተሰብ ወሬ የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። እኔም የአያቴን አባት የጦር ሜዳ ውሎ የሚያወሳ ስንት ታሪክ እየሰማሁ አያቴ ባል ነበራት ወይ ብዬ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

አሁን ግን ጥያቄው አይቀሬ ሆነ። አያቴ የወጣችው በ1935 መጨረሻ ወይም በ1936 ከሆነ ጣሊያን የለም። ጎንደር ውስጥ የሚኖር አንድ አጎቴን፣ የአያቴን ታናሽ ወንድም፣ በስልክ አገኘሁት። «ጣሊያን ሲገባ ነው፣ ጠላት ፈርታ፣ በእግሯ» አለኝ፤ ምንም ጥርጥር የለውም። እሱ የተወለደው ከእታለም በኋላ ነው። ቆይቼ በሌላ ቀን ስጠይቀው ያንኑ በዚያው ቅደም ተከተልና በዚያው ቃል ደገመው።

ሰው ያየውንና የሰማውን የሚለይበት ዘዴ ይኸው ነው። የሰማውን የሚናገር ሰው ታሪኩ የተወለወለ ነው፤ ባወራው ቁጥር አንድ ነው፤ ወጣ ያለ ጥያቄ ሲመጣበት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ያየውን የሚናገር ሰው ግን የት ቆሞ እንደነበር ያውቃል፤ ለታሪኩ የማይጠቅም ትርፍ ነገር ያስገባል፤ ሲደግመው ቅደም ተከተሉ ይቀያየራል እንጂ ያ ትርፍ ነገር አይጠፋም። ስለዚህ «እርግጠኛ ነህ?» ማለት ጥቅም የለውም። የሚጠቅመው «አንተ የት ነበርክ?» ማለት ነው። አጎቴ ይህን ስጠይቀው ትንሽ ዝም ብሎ «እኔማ አልነበርኩም፣ አባቴ ናቸው ያሉት» አለ። ታዲያ አባትየው ለምን እንዲህ አሉ?

እታለም አያቴ ስትወጣ የሆነውን አያስታውሱም፤ የሚያስታውሱት አንድ ጊዜ ተመልሳ የመጣችበትን ቀን ነው። የፊት ጥርሳቸውን ጥለው ነበር፤ እንግዲህ ስድስት ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። አያቴ ጥቁር ጃንጥላ ይዛለች። እታለም ጃንጥላውን ዘርግተው ሊይዙ ሲሉ እናታቸው በእጃቸው መቷቸው። አያቴ ከደጅ ተቀምጣለች፤ ወደ ውስጥ አልገባችም። አባቷ ከቤት አልወጡም።

«ለምን አልወጡም?»

ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ስልኩን በአገጫቸው አመለከቱኝ። አጠፋሁት።

የነገሩኝን ደግመው ከፈቀዱልኝ በኋላ የምጽፈው ይህን ያህል ብቻ ነው። አያቴ ገና በልጅነቷ ተድራ ነበር፤ ባሏን ጥላ ከአንዲት የአገር ልጅ ጋር ሄደች። አባቷ ሽማግሌ ፊት አፈሩ፤ የተቀበሉትንም ጥሎሽ መለሱ። ከዚያ በኋላ ልጃቸው ለምን እንደሄደች የሚጠይቃቸው ሰው ሲመጣ «ጠላት ሲመጣ ሸሸች» ማለት ጀመሩ። ጣሊያንን መሸሽ አያሳፍርም፤ ባልን መሸሽ ያሳፍር ነበር። ወሬው ዓመቱን በ8 ዓመት ወደ ኋላ የጎተተው በዚህ ምክንያት ነው። የቀረውን፣ ያ ባል ያደረገባትን፣ እታለም ነግረውኛል፤ «ይኼን ግን አትጻፊው» ብለዋል። አልጽፈውም። ጽሑፌ ውስጥ ያ ቦታ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ክፍት መሆኑንም አንባቢው እንዲያውቅ አደርጋለሁ። በምናብ ልሙላው ማለት የአያቴን አባት ሥራ መድገም ነው።

እዚሁ ኖርዝ ዮርክ ውስጥ፣ ቤይቪውና ሎረንስ መንገዶች አጠገብ፣ ግሌንደን የሚባል የዮርክ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ አለ። ማይክል ኦንዳቼ እ.ኤ.አ. ከ1971 ጀምሮ ለዓመታት ያስተማረው እዚያ ነው። «ራኒንግ ኢን ዘ ፋሚሊ» የተባለውን የቤተሰቡን መጽሐፍ በ1982 ያሳተመው ወደ ስሪላንካ ተመልሶ አክስቶቹንና የቤተሰቡን ወዳጆች ካስወራ በኋላ ነው። የሚጣረሱ ወሬዎችን ሳያስታርቅ ጎን ለጎን ትቷቸዋል፤ መጽሐፉም የታሪክ መዝገብ እንዳልሆነ ራሱ ይናገራል። ብዙዎች ይህን መንገድ ይወዱታል፤ እኔም መጽሐፉን እወደዋለሁ። ለእኛ ግን ከዚያ በፊት አንድ ሥራ ያለ ይመስለኛል። የእኛ ሽማግሌዎች ወሬ ብዙ ጊዜ የሚጣረሰው ሁለት ዘመን አቆጣጠር፣ ሁለት ስምና የቢሮ ጸሐፊ ስለተጋጩበት ነው። ያን ሳያጣሩ «እውነት አንጻራዊ ነው» ብሎ ማለፍ ስንፍና ነው። መጀመሪያ ይቆጠር፤ ከተቆጠረ በኋላም የሚጣረስ ካለ ያኔ ጎን ለጎን ይቀመጥ።

ስለ ቀረጻው ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጥሩ ወሬ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ከሽማግሌ ጋር አንድ ሰዓት፣ ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል። ከዚያ በኋላ ድካም ይገባና ወሬው ወደ ለመዱት ጨዋታ ይመለሳል። ቡናው ሲቆላና ሙቀጫ ውስጥ ሲወቀጥ የሚሰማው ድምፅ ከዘነዘናው በስተቀር ሁሉንም ይውጣል። ስለዚህ ወይ ከቡናው በፊት ወይ ከሁለተኛው ስኒ በኋላ ይቀረጽ። ስልክ በባዶ ጠረጴዛ ላይ ሲሆን የስኒውን ኳኳታ ሁሉ ይይዛል፤ ጋቢ ወይም ፎጣ ይነጠፍለት፤ ከማቀዝቀዣውም ይራቅ። ቀረጻው ሲጀመር ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ቦታውንና የተገኙትን ሰዎች በድምፅ መናገር ይገባል። ከዓመታት በኋላ የፋይሉ ስም ይጠፋል፤ ድምፁ ውስጥ ያለው ግን አይጠፋም።

የአንድ ሰዓት ወሬን ቃል በቃል መጻፍ አምስት ስድስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ የማደርገው ያንግ መንገድ ላይ ባለው የኖርዝ ዮርክ ማዕከላዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ነው። አድካሚ ነው፤ ቢሆንም ለሌላ ሰው ባልሰጠው ይሻላል። «በሆዷ ነበርኩ» የሚለውን ሳዳምጠው በተቀመጥንበት ጊዜ ያላስተዋልኩትን ሰማሁ። እታለም ከዚያ ዓረፍተ ነገር በፊት «ወንድሜ ጠፍቶ ነበር» ብለው ነበር፤ እኔ ወደ መድፉ ስቸኩል ሳልጠይቃቸው አለፈ። የቀጣዩ ቀን የመጀመሪያ ጥያቄ ያ ሆነ።

አንድ ነገር ደግሞ ማወቅ ይጠቅማል። ሰው ሲያረጅ አጥርቶ የሚያስታውሰው ከአሥር ዓመቱ እስከ ሠላሳ ዓመቱ ያለውን ዘመን ነው፤ የማስታወስን ነገር የሚያጠኑ ሰዎች ይህን ደጋግመው አግኝተውታል። ስለዚህ ወሬውን ከዚያ መጀመር ይሻላል፤ ከሠርግ፣ ከመጀመሪያ ሥራ፣ ወደ ከተማ ከመግባት። ዓመቱን ለመያዝም ሁሉም የሚያውቀው ችንካር አይጠፋም። የታኅሣሥ ግርግር 1953 ነው። መኪና ከግራ ወደ ቀኝ የዞረው ሰኔ 1 ቀን 1956 ነው። ትርፍ ቤት የተወረሰው ሐምሌ 1967 ነው። «የመጀመሪያ ልጅዎን ሲወልዱ መኪና በግራ ነበር የሚሄደው?» የሚለው ጥያቄ «በስንት ዓመተ ምሕረት ወለዱ?» ከሚለው የተሻለ መልስ አምጥቶልኛል። አዲስ አበባ ላልኖረ ሰው ደግሞ ችንካሩ የአካባቢው ይሁን፤ የታቦት መግቢያ፣ የአንበጣ ዓመት፣ የመንገድ መውጣት።

እናንተም ቤት ጃንዋሪ 1 የተወለዱ አያት ወይም አክስት ካሉ ወረቀታቸውን አትመኑ፤ ዓመቱንም አትጠይቋቸው። የክርስትና ስማቸው በማን እንደሆነ፣ በየትኛው በዓል ክርስትና እንደተነሡ፣ እናታቸው ስለ መወለዳቸው ሲያወሩ ምን ይሉ እንደነበር ጠይቁ። መልሱን ባሕረ ሐሳብ ለሚያውቅ ሰው አሳዩ። ይህን ሳታደርጉ የጽሑፋችሁን የመጀመሪያ አንቀጽ አትጻፉ።